ገቢ፣ ወጪና ቀሪ ሂሳብ

በባንክ የሂሳብ መግለጫ ላይ ያለ እያንዳንዱ መስመር ከሁለት ነገሮች አንዱን ይናገራል፤ ወይ ገንዘብ ገብቷል፣ ወይ ገንዘብ ወጥቷል። ገቢው የመደመር ምልክት፣ ወጪው የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ነው። ቀሪ ሂሳብ የሚባለው ካለፈው ወር በዞረው ገንዘብ ላይ እነዚህ ቁጥሮች ሁሉ ከነምልክታቸው ሲደመሩ የሚገኘው ነው። ወጪ «ይደመራል» ሲባል ለጆሮ ይከብድ ይሆናል። ይሁን እንጂ 3,750 ብር መቀነስና −3,750ን መደመር ውጤታቸው አንድ ነው። ወጪ እንደ ኔጋቲቭ ቁጥር ሲታሰብ የወሩ መስመሮች ሁሉ በመደመር ብቻ ይጠቃለላሉ፤ በመደመር ደግሞ የትኛው ቁጥር ቀድሞ የትኛው ተከትሎ ቢሄድ ድምሩ አይለወጥም።

ይህ አስተሳሰብ ጥንታዊ ነው። ብራህማጉፕታ የተባለው የሕንድ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ በ628 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በጻፈው መጽሐፉ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ቁጥሮችን ሕግ ሲያስቀምጥ አንዱን ሀብት፣ ሌላውን ዕዳ ብሎ ጠርቷቸዋል። ከምንም ላይ ዕዳ ሲነሳ ሀብት ይሆናል ያለው እሱ ነው። ይህ ሕግ የባንክ ሂሳብ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ወደ ታች ይታያል።

አንድ የችርቻሮ ሱቅ ተንቀሳቃሽ ሂሳብ አለው እንበል። ካለፈው ወር 8,500 ብር ዞሯል። በወሩ መጀመሪያ ከሽያጭ 6,200 ብር ገባ። ከዚያ ለጅምላ አከፋፋይ 3,750፣ ለቤት ኪራይ 9,400፣ ለሌላ ዕቃ አቅራቢ 2,300 ብር በቼክ ተከፈለ። ቀጥሎ 4,000 ብር ገባ፤ ባንኩ 120 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቆረጠ፤ 5,150 ብር ገባ፤ በመጨረሻም የአገልግሎት ክፍያው በስህተት የተቆረጠ ሆኖ ስለተገኘ 120 ብሩ ተመለሰ።

መስመር በመስመር ሲሄዱ ቀሪው 14,700፣ 10,950፣ 1,550፣ −750፣ 3,250፣ 3,130፣ 8,280 እያለ በ8,400 ያርፋል። ሌላው መንገድ ገቢውን ለብቻ፣ ወጪውን ለብቻ ሰብስቦ ማቻቻል ነው። ሦስቱ የሱቁ ገቢዎች 15,350 ብር ይሆናሉ። ወጪዎቹ የአገልግሎት ክፍያው ሲጨመር 15,570 ናቸው። የተመለሰው 120 ብር ገና አልተነካም። እሱን በገቢው በኩል ቢጽፉት ገቢው 15,470 ይሆናል፤ ከወጪው ላይ ቢሰርዙት ወጪው 15,450 ይሆናል። በሁለቱም መንገድ ልዩነቱ −100 ነው፤ ከ8,500 ላይ 100 ሲነሳ 8,400። የተቆረጠ ክፍያ መሰረዝ ኔጋቲቭን መቀነስ ስለሆነ እንደ ገቢ ይቆጠራል፤ የብራህማጉፕታ ሕግ ይኸው ነው። ችግር የሚመጣው አንዱ ተመላሽ በሁለቱም በኩል ሲያዝ፣ ማለትም ወጪውም ተሰርዞ ገቢም ተመዝግቦ እንደ ሁለት ገንዘብ ሲቆጠር ነው።

ሁለቱ መንገዶች አንድ ቁጥር ላይ ቢደርሱም የሚያሳዩት ግን አንድ አይደለም። ማቻቻሉ በወሩ ውስጥ ሂሳቡ 100 ብር ብቻ መቀነሱን ይናገራል፤ ሱቁ በመሃል ከዜሮ በታች መውረዱን አይናገርም። መስመር በመስመር የተሠራው ግን −750ን ፊት ለፊት ያሳያል። ይህ ቁጥር በባንኩ የተቀመጠ ገንዘብ አልቆ 750 ብር የባንኩ ገንዘብ ሥራ ላይ ውሏል ማለት ነው። ባንኩ ይህን የሚፈቅደው የኦቨርድራፍት ውል ላለው ደንበኛ፣ እስከተስማሙበት ጣሪያ ድረስ ነው፤ ወለድም ያስከፍልበታል። 4,000 ብሩ ከ2,300 ብሩ ቼክ አስቀድሞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ሂሳቡ ከ1,550 ወደ 5,550 ወጥቶ ወደ 3,250 ይወርድ ነበር። የወሩ መጨረሻ ያው 8,400 ነው፤ ዜሮን መሻገር ግን ባልነበረ።

ቅደም ተከተል ድምሩን አይለውጥም የሚለው ሕግ የሚጸናውም ሁሉም ክፍያዎች በእርግጥ ከተፈጸሙ ነው። ሱቁ ውል ባይኖረው ኖሮ ባንኩ የ2,300 ብሩን ቼክ በቂ ስንቅ የለውም ብሎ ይመልሰዋል። ያ መስመር ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ነውና የወሩ መጨረሻ 8,400 ሳይሆን 10,700 ይሆናል። ቁጥሩ ከፍ ማለቱ ትርፍ አይደለም፤ ዕቃ አቅራቢው ገንዘቡን አላገኘም። በኢትዮጵያ ደግሞ ሆን ብሎ ስንቅ የሌለው ቼክ ማውጣት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ስለዚህ ነጋዴ ቼክ ሲጽፍ የሚያየው የወሩን መጨረሻ ሳይሆን ቼኩ ባንክ የሚቀርብበትን ቀን ቀሪ ነው።

የሱቁ መዝገብና የባንኩ መግለጫ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ይጠቁማል። መዝገቡ 13,000 ብር፣ ባንኩ 8,400 ቢል ልዩነቱ 4,600 ነው። ለሁለት ሲካፈል 2,300 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የዕቃ አቅራቢው ቼክ ነው። ወጪው በገቢ ዓምድ ተጽፏል። በተሳሳተ ምልክት የተጻፈ ቁጥር መቀነሱ ከመቅረቱም በላይ ተጨምሯልና ልዩነቱ ሁልጊዜ እጥፍ ነው። ቼኩ ፈጽሞ ካልተመዘገበ ግን ልዩነቱ 2,300 ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው የተለመደ ጥፋት የአኃዞች መቀያየር ነው፤ 3,750 በችኮላ 7,350 ተብሎ ቢጻፍ ቀሪው በ3,600 ያንሳል፣ 3,600 ደግሞ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። የተገላቢጦሹ ግን እውነት አይደለምና ለ9 የተካፈለ ልዩነት ሁሉ መቀያየር አይደለም፤ የመጀመሪያ ፍለጋ የት እንደሚጀመር ብቻ ያመለክታል።

የምልክት ስህተት በብዛት የሚፈጠረው መግለጫው ላይ ዴቢትና ክሬዲት የሚሉ ዓምዶች ሲነበቡ ነው። የባንኩ መግለጫ የሚጻፈው በባንኩ በኩል ሆኖ ነው። ደንበኛ ያስቀመጠው ገንዘብ ለባንኩ ዕዳ ስለሆነ የገባው በክሬዲት፣ የወጣው በዴቢት ይመዘገባል። ሱቁ በራሱ የሂሳብ መዝገብ ላይ ግን ያንኑ ገቢ በዴቢት ይይዘዋል። የአንዱን ዓምድ እንዳለ ወደ ሌላው የገለበጠ ጸሐፊ የወሩን ምልክቶች በሙሉ ይገለብጣል። በዚህ ምሳሌ −100 መሆን የነበረበት +100 ሆኖ ቀሪው 8,600 ይወጣል። ልዩነቱ 200 ብር ብቻ መሆኑ ያዘናጋል፤ ጥቃቅን ክፍያ የተረሳ ይመስላልና።

አንድ ዓይነት ስህተት ግን በቀሪው ላይ ምንም ምልክት አይተውም። 4,000 ብር የገባበትና 4,000 ብር የወጣበት መስመር አብረው ቢረሱ ድምራቸው ዜሮ ስለሆነ ሁለቱ መዝገቦች በመጨረሻው ቁጥር ይገጥማሉ። እንዲህ ያለው የሚገኘው የገቢውን ድምር ከገቢው፣ የወጪውን ከወጪው ጋር ለየብቻ በማስተያየት ነው፤ ሁለቱም በ4,000 ጎድለው ይታያሉ። ጥንቁቅ ሂሳብ ሠራተኞች ከተቻቻለው ቁጥር ጎን ሁለቱን ድምሮች የሚጽፉት ለዚህ ነው።