አምስት ቀጠና፣ አንድ ሰዓት

በቻይና ምዕራባዊ ጫፍ ካሽጋር የምትባል ጥንታዊ የንግድ ከተማ አለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ እዚያ የምትወጣው 10፡10 ገደማ ነው። በዚያው ዕለት፣ በሰሜን ምሥራቅ ከሩሲያ ጋር በምትዋሰነው ፉዩዋን፣ 15፡10 አካባቢ ፀሐይ ጠልቃ ታድራለች። ካሽጋሮች ምሳቸውን ገና እየጨረሱ ሳለ ፉዩዋኖች መብራት ያበራሉ። የሁለቱም ከተሞች ይፋዊ ሰዓት ግን አንድ ነው፤ ደቂቃም አይለያይም። (ግራ እንዳያጋባ፦ እዚህ የተጻፉት ሰዓቶች ሁሉ በፈረንጆች የ24 ሰዓት አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ ለመመለስ ስድስት መቀነስ ነው። ዓመቶቹም የፈረንጆች ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ስሌት ያስፈልጋል። ምድር 360 ዲግሪ ዞራ የምትጨርሰው በ24 ሰዓት ስለሆነ፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ በሄድን በየ15 ዲግሪው የፀሐይ ሰዓት በአንድ ሰዓት ይለወጣል። አንድ ዲግሪ አራት ደቂቃ ማለት ነው። ቻይና ከ73 እስከ 135 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ተዘርግታለች፤ ከዳር እስከ ዳር ከአራት ሰዓት በላይ የፀሐይ ልዩነት አለ። ጎረቤቷ ሩሲያ ግዛቷን በ11 የሰዓት ቀጠና ከፍላለች። ቻይናም እንደዚያ ብታደርግ አምስት ያህል ቀጠና ይኖራት ነበር።

እሷ የመረጠችው አንዱን ብቻ ነው፤ የ120 ዲግሪ ምሥራቅን ሰዓት። ስሙ «የቤጂንግ ሰዓት» ይባላል እንጂ ቤጂንግ ራሷ 120 ዲግሪ ላይ አይደለችም፤ 116 ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በዋና ከተማዋም ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው በአማካይ 12፡14 ላይ ነው። ሰዓቱን የሚያሰራጨው ብሔራዊ ማዕከልም ያለው ቤጂንግ ሳይሆን ከዚያ ርቆ በመሀል አገር፣ ሻንሺ ክፍለ ሀገር ውስጥ፣ በሺአን አቅራቢያ ነው። ይፋዊ ሰዓት ከሕግ እንጂ ከሰማይ እንደማይወርድ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

አሁን ስሌቱን ለካሽጋር እንሥራው። ከተማዋ 76 ዲግሪ ላይ ናት። ከ120 ሲቀነስ 44 ዲግሪ ይቀራል፤ በአራት ደቂቃ ሲባዛ 176 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ካሽጋር ውስጥ እኩለ ቀን የሚሆነው 14፡56 ላይ ነው። እርግጥ ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ፍጹም ክብ ስላልሆነና ዘንጓም ስለተጋደለ፣ ይህ ቁጥር በዓመቱ ውስጥ በጥቂት ደቂቃዎች ወዲያና ወዲህ ይላል። በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው 22፡30 ገደማ ነው። ዋናው የመንግሥት ቴሌቪዥን የምሽት ዜናውን 19፡00 ላይ ሲጀምር ካሽጋር ገና በጠራራ ፀሐይ ላይ ናት።

ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ድሮ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን እኩለ ቀን ይከተል ነበር፤ ባቡርና ቴሌግራፍ ከመምጣታቸው በፊት ይህ ማንንም አላስቸገረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የወደብ ከተሞች በጉምሩኩ አማካይነት አንድ «የባሕር ዳርቻ ሰዓት» መከተል ጀመሩ። በ1918 የመንግሥቱ የከዋክብት ጥናት ማዕከል አገሪቱን በአምስት ቀጠና የሚከፍል ዕቅድ አወጣ፤ በ1939ም ዕቅዱ በይፋ ጸደቀ። ያን ጊዜ ግን ከጃፓን ጋር ጦርነት ላይ ነበሩ፣ ከዚያም የእርስ በርስ ጦርነት ተከተለ፤ ደንቡ በመላ አገሪቱ በሙሉ ሳይሠራበት ቀረ። በ1949 ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ሲይዙ አምስቱን ቀጠናዎች ትተው መላ አገሪቱን በአንድ ሰዓት ጠቀለሉ።

ለዚህ ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት አንድነት ነው። የጦር አበጋዞች ለዓመታት ተከፋፍለው ሲገዟት የኖረችን አገር የያዘ መንግሥት፣ ሰዓትንም ከማዕከል መቁጠር ቢፈልግ አይገርምም። ፖለቲካ ውሳኔውን ቢያስወስንም ሰባ ዓመት ሙሉ ሊያቆየው አይችልም ነበር። ያቆየው የሕዝቡ አሰፋፈር ነው ብዬ አምናለሁ። ሁ ኋንዮንግ የተባለ የቻይና ጂኦግራፊ ባለሙያ በ1935 በካርታ ላይ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ አንድ ሰያፍ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በስተምሥራቅ ያለው መሬት ከአገሪቱ ከግማሽ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ ከሕዝቡ ከ90 በመቶ በላይ የሚኖረው በዚያ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ከእነዚህ ለአብዛኞቹ የቤጂንግ ሰዓትና የፀሐይ ሰዓት ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ሸክሙ የሚከብደው በበረሃና በተራራ ለተበተኑት ጥቂቶች ነው። ሕዝቡ በእኩል ተከፋፍሎ ቢኖር ኖሮ ምናልባት አምስቱ ቀጠናዎች ተመልሰው ይመጡ ነበር።

ታዲያ ምዕራቦቹ እንዴት ይኖራሉ? ሰዓቱን መለወጥ ባይችሉ ፕሮግራሙን ይለውጣሉ። የምዕራቡ ራስ ገዝ ክልል ዢንጂያንግ ይባላል፤ ዋና ከተማው ኡሩምቺ ነው። እዚያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በበጋ የሚከፈተው 10፡00 ላይ ነው። ሠራተኛው 14፡00 ላይ ለምሳ ይወጣል፣ 16፡00 ላይ ይመለሳል፣ 20፡00 ላይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤጂንግ ላለ ሰው ይህ የሰነፍ መሥሪያ ቤት ይመስላል። ግን ኡሩምቺ በፀሐይ ከይፋዊው ሰዓት ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ናት፤ ሰውዬው ቢሮ የገባው በፀሐይ ሰዓት 7፡50 ላይ ነው። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ማልዶ ተነሥቷል።

አንድ ሰፊ አገር በአንድ ሰዓት መኖር የሚችልበት ምሥጢርም ይኸው ነው። ሰዓት ለአንዲት ቅጽበት የሚሰጥ ስም ነው። ሰውን ከአልጋ የሚያስነሣው ሥራ የሚጀመርበት ደንብ ነው፤ ደንቡን ደግሞ በየአካባቢው ማስተካከል ይቻላል። በአንድ ሰዓት የሚገኘው ጥቅም ተጨባጭ ነው፦ ከሻንጋይ ኡሩምቺ የሚሄድ ባቡር መነሻውና መድረሻው ያለ ምንም ቅናሽና ጭማሪ ይነበባል፤ አውሮፕላን፣ ባንክና የስልክ ስብሰባም እንዲሁ።

ችግሩ የሚመጣው ከደንቡ ውስጥ የማይንቀሳቀስ ነገር ሲኖር ነው። የሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ 9፡30 ላይ ይከፈታል፤ በክረምት ካሽጋር ያለ ነጋዴ ገና ጨለማ ውስጥ ሆኖ ይገበያያል። ከማዕከል የሚጠራ ስብሰባ 8፡30 ላይ ከተባለ፣ ካሽጋር ላለው በፀሐይ ሰዓት 5፡34 ነው። ሰውነት ደግሞ በአዋጅ አይታለልም። በ2019 በአሜሪካ የተሠራ አንድ ጥናት፣ በሰዓት ቀጠና ድንበር ላይ ፀሐይ ዘግይታ በምትጠልቅበት በኩል የሚኖሩ ሰዎች በማዶ ካሉት በአማካይ 19 ደቂቃ ያህል ያነሰ እንደሚተኙ አሳይቷል። ምሽቱ ይረዝማል፣ ሥራና ትምህርት ግን በጠዋት ይጠራል። ያ እንግዲህ የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ ሲኖር ነው።

ከዚህ ሌላ ዢንጂያንግ ውስጥ ሁለተኛ ሰዓት አለ። ከቤጂንግ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጠር ሲሆን፣ በ1986 ከማዕከላዊው መንግሥትም ዕውቅና አግኝቶ ነበር። ኡይጉሮቹ በቤታቸው፣ በገበያቸውና በመስጊዳቸው ይህንኑ ይጠቀማሉ፤ ከምሥራቅ መጥተው የሰፈሩት ሃን ቻይናውያን ደግሞ የቤጂንጉን። ስለዚህ በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው ሁለት ሰዎች «አሥር ሰዓት እንገናኝ» ቢባባሉ፣ አንዱ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሊጠብቅ ይችላል። ኮምፒውተሮች ለሁለቱ የተለያየ ስም አላቸው፤ Asia/Shanghai የቤጂንጉ፣ Asia/Urumqi የአካባቢው ነው። አንድ ሰው የትኛውን እንደሚጠቀም ማየት ማንነቱን እስከመናገር ይደርሳል፤ መንግሥት ቁጥጥሩን ባጠበቀባቸው ዓመታት ደግሞ የእጅ ሰዓትን በአካባቢው ሰዓት መሙላት በጥርጣሬ ዓይን መታየት ጀመረ። የጊዜ ጉዳይ የፖለቲካ ጉዳይ የሚሆነው እንዲህ ነው።

ድንበር ላይ ነገሩ ይብሳል። ከቻይና ተነሥቶ በዋካን ሸለቆ በኩል አፍጋኒስታን የገባ ሰው ሰዓቱን በአንድ እርምጃ ሦስት ሰዓት ተኩል ወደ ኋላ መመለስ አለበት። በካዛክስታን በኩል ያለው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። አልማቲ ከካሽጋር ጋር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ያለች ያህል ናት፤ በአየር ርቀታቸው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፀሐይም በሁለቱም ከተሞች በአንድ ጊዜ ያህል አናት ላይ ትደርሳለች። ካዛክስታን ግን በመጋቢት 1 ቀን 2024 ሁለት የነበረውን ሰዓቷን ወደ አንድ ስትጠቀልል፣ እንደ ቻይና የምሥራቁን ሳይሆን የምዕራቡን መረጠች። ከዚያ ወዲህ በአልማቲ 12፡00 ሲሆን በካሽጋር 15፡00 ነው። አልማቲዎች ምሽቱ ቀድሞ ይጨልምብናል ብለው አቤቱታ አሰባሰቡ። አንድ ሰዓት ሲመረጥ የትኛው ጫፍ እንደሚመረጥም ዕዳውን ማን እንደሚሸከም ይወስናል።

ሕንድም ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ያህል ስትሰፋ በአንድ ሰዓት ትኖራለች። እዚያ ቅሬታው ተገልብጦ ይመጣል፤ በምሥራቅ ያለችው አሳም ፀሐይዋ ቶሎ ትወጣለች፣ ቶሎም ትጠልቃለች። የሻይ እርሻዎቹ መፍትሔ ከዢንጂያንግ ጋር አንድ ነው። ከአገሪቱ ሰዓት በአንድ ሰዓት የሚቀድም «የአትክልት ሰዓት» ይዘው ሠራተኞቻቸውን በብርሃን ያሠራሉ። መንግሥት ግን ሰዓቱን በይፋ ሁለት ለማድረግ እስካሁን ፈቃደኛ አልሆነም፤ ከሚያነሣቸው ስጋቶች አንዱ በባቡር ሐዲድ ላይ የሚፈጠር ስህተት ነው።

ከጓንግዡ ወይም ከዪዉ ዕቃ የምታመጡ ነጋዴዎች ነገሩ ቀላል ነው፤ በአዲስ አበባና በቻይና መካከል ያለው ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አምስት ሰዓት ነው፤ የትም ክፍለ ሀገር ብትደውሉ አይለወጥም። ኡሩምቺ ወይም ካሽጋር ላለ ሰው ቀጠሮ ከያዛችሁ ግን «በየትኛው ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው እዚያ ያለ ሰው በየዕለቱ የሚጠይቀው ነው።