ያውቁ ኖሯል? በጾም የሚያሰጋው የትኛው የስኳር ኪኒን ነው?

በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምሱ ብዙ የስኳር ሕመምተኞች ጠዋት የሚውጡት ኪኒን ሁለት ዓይነት ነው፤ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ። ሁለቱ ግን በባዶ ሆድ አንድ አይደሉም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ መጠኑ ሳይለወጥ ሰዓቱ ብቻ ወደ ምግብ ይዛወራል። ግሊቤንክላሚድ ግን ተበላም አልተበላ ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ያስገድዳል፤ ጉልበቱም እስከ 24 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። ጠዋት 12 ሰዓት ውጦት እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ረፋዱ ላይ ላብ ሊያሰምጠው፣ እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ንግግሩም ሊዘባረቅ ይችላል። ይህን የጾም ድካም ነው ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው።

የሚሻለው ጾሙ ከመግባቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ሐኪም ማማከር ነው። ሐኪሙ ግሊቤንክላሚዱን ከመጀመሪያው ማዕድ ጋር እንዲወሰድ ሊያዛውረው፣ ሊቀንሰው ወይም በሌላ ሊተካው ይችላል። በራስ ውሳኔ መድኃኒት ማቆም ግን አይገባም፤ በተለይ ኢንሱሊን።

ስኳርዎ ከ70 በታች ከወረደ ጾሙን ወዲያው ይፍቱ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለክተው ካልተስተካከለ ይድገሙት፣ ከዚያም ይመገቡ። ግሊቤንክላሚድ የወሰዱ ከሆነ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ስለሚችል ቢሻልዎትም ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያነጋግሩ።