በ300 ዶላር ሽጡልኝ ያሉት አክሲዮን በ244 ሲሸጥ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2022 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ሲዘጋ የፌስቡክ ባለቤት የሜታ አንድ አክሲዮን 323 ዶላር ያወጣ ነበር። ገበያው የሚዘጋው በኒውዮርክ ከቀትር በኋላ በ4 ሰዓት ሲሆን፣ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት ነው። ከመዘጋቱ ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው የሩብ ዓመት ሪፖርቱን አወጣ። ፌስቡክን በየቀኑ የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር ከቀደመው ሩብ ዓመት ቀንሷል። ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት የተሰጠው የገቢ ግምትም ባለሀብቶች ከጠበቁት በታች ነበር። በማግስቱ ጠዋት ገበያው ሲከፈት የአክሲዮኑ የመጀመሪያ ዋጋ 244 ዶላር ከ65 ሳንቲም ሆነ።

አሁን 100 የሜታ አክሲዮን የነበረውን አንድ ሰው እናስብ። በስልኩ መተግበሪያ ላይ «ዋጋው 300 ዶላር ከደረሰ ሽጡልኝ» ብሎ ትዕዛዝ አስገብቷል። ይህ ስቶፕ ኦርደር የሚባለው ነው። ሰውየው ያሰበው ቢከፋ ቢከፋ በአንድ አክሲዮን 23 ዶላር፣ በጠቅላላው 2,300 ዶላር እንደሚያጣ ነው። በዚያ ጠዋት ግን አክሲዮኖቹ የሚሸጡለት በ244 ዶላር ገደማ ነው፤ የሚያጣውም ወደ 7,800 ዶላር ይጠጋል። መተግበሪያው አልተበላሸም፣ ደላላው ድርጅትም አላታለለውም። ትዕዛዙ የተሠራበትን ሥራ በትክክል ፈጽሟል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ፣ በስልካቸው አክሲዮን የሚገዙ ወገኖቻችንም ይህን ልብ ብለው ቢያዩት መልካም ነው። ስቶፕ ኦርደር ውስጥ ያለው 300 የመሸጫ ዋጋ አይደለም፤ ትዕዛዙ የሚቀሰቀስበት ቁጥር ነው። አክሲዮኑ በ300 ወይም ከዚያ በታች በሆነ ዋጋ ሲገበያይ ትዕዛዙ ይነቃና ማርኬት ኦርደር ይሆናል፤ ይኸውም «በዚህች ቅጽበት ገዢ በሚሰጠው ዋጋ ሁሉ ሽጡ» ማለት ነው። 244 ከ300 በታች ነውና ትዕዛዙ ነቃ፤ ነቅቶ ዙሪያውን ሲያይ ግን ያገኛቸው ገዢዎች በ244 አካባቢ የቆሙትን ብቻ ነበር።

በ300 ሊገዙ የነበሩት የት ሄዱ? ገበያው ክፍት ሳለ ገዢዎች በየዋጋው ትዕዛዛቸውን አስገብተው ይጠብቃሉ፤ አንዱ በ322፣ ሌላው በ320፣ ሌላው በ300። ሻጭ ሲበዛ እነዚህ ገዢዎች ከላይ ወደ ታች በየተራ ያልቃሉ፣ ዋጋውም ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ቀን ስቶፕ ኦርደር ከታሰበው ዋጋ ብዙም ሳይርቅ ይፈጸማል። መጥፎ ሪፖርት ማታ ሲወጣ ግን ገዢዎቹ በየተራ አያልቁም። ዜናውን ሰምተው ትዕዛዛቸውን በአንድነት ያነሳሉ። በነጋታው ገበያው የሚከፈተው ሌሊቱን የተጠራቀሙት የሽያጭና የግዢ ትዕዛዞች ተደምረው፣ ብዙ አክሲዮን ሊገናኝ የሚችልበት አንድ ዋጋ በጨረታ ሲወጣ ነው። በትናንቱ መዝጊያና በዛሬው መክፈቻ መካከል የሚቀረውን ባዶ ቦታ ነጋዴዎች ጋፕ ይሉታል።

በዚያ ምሽት የሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በአሜሪካ መደበኛው ገበያ ከተዘጋ በኋላም እስከ ምሽቱ 8 ሰዓት ግብይት አለ፣ የሜታም ዋጋ በዚያ ሰዓት ሲያሽቆለቁል ነበር። የአክሲዮኑ ባለቤት ስልኩን ከፍቶ ቁጥሩ ከ300 በታች መውረዱን ያያል፣ ትዕዛዙ ግን አልተንቀሳቀሰም። በአብዛኞቹ ደላሎች ዘንድ ስቶፕ ኦርደር የሚሠራው በመደበኛው ሰዓት፣ ማለትም ከጠዋቱ 9:30 እስከ ከቀትር በኋላ 4 ሰዓት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ክፍተት ለመፈጠር ግን የግድ መምሸት የለበትም። በቀን ግብይት ሲቆምም ያው ነገር ይከሰታል። የአሜሪካ ገበያ የሰርኪዩት ብሬከር ሥርዓት ያበጀው ከ1987ቱ የጥቅምት ውድቀት በኋላ ነው። ዛሬ ባለው ደንብ ኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያው ካለፈው ቀን መዝጊያ 7 በመቶ ከወረደ ገበያው በሙሉ ለ15 ደቂቃ ይቆማል። 13 በመቶ ሲደርስ እንደገና ይቆማል፤ 20 በመቶ ሲሞላ የዕለቱ ግብይት ያበቃል። በኮሮና ወቅት፣ በማርች 2020፣ የመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተነክቷል። ለነጠላ አክሲዮኖች ደግሞ ለብቻው የወጣ ደንብ አለ፤ ዋጋው ከቅርብ ደቂቃዎች አማካይ ከተፈቀደው ወሰን ጫፍ ደርሶ 15 ሰኮንድ ሳይመለስ ከቆየ፣ ያ አክሲዮን ለአምስት ደቂቃ ይታገዳል። ለትልልቅ ኩባንያዎች ወሰኑ በአብዛኛው 5 በመቶ ነው። በእገዳው ጊዜ ስክሪን ላይ LUDP የሚል ምልክት ይታያል። T1 ከሆነ ኩባንያው ዜና ሊያወጣ ስለሆነ ቆሟል ማለት ነው፣ መቼ እንደሚከፈትም አስቀድሞ አይታወቅም።

እገዳው የተፈጠረው ሰዎች እንዲያስቡና ገዢዎች እንዲሰበሰቡ ጊዜ ለመስጠት ነው፣ ሐሳቡንም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን የስቶፕ ኦርደር ባለቤት ሊያውቀው የሚገባ ሌላ ገጽታ አለው፤ ግብይት በቆመባቸው ደቂቃዎች ማንም መሸጥ አይችልም፣ ሲከፈትም የሚከፈተው በጨረታ በሚወጣ አዲስ ዋጋ ነው። ኦገስት 24 ቀን 2015 ጠዋት በአሜሪካ ገበያ ከአንድ ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ እገዳዎች ተከስተዋል። ብዙ አክሲዮኖችን በአንድ ላይ የሚይዙ ኢቲኤፍ የሚባሉ ፈንዶች፣ ውስጣቸው ያሉት አክሲዮኖች ከፊሎቹ ታግደው ወይም ገና ሳይከፈቱ ስለነበር ትክክለኛ ዋጋቸውን ማስላት አስቸጋሪ ሆነ፣ ገዢዎችም ሸሹ። አንዳንዶቹ ፈንዶች ለጥቂት ጊዜ ከሲሶ በላይ ወርደው፣ በዚያው ጠዋት ከወደቁበት ተመለሱ። በመካከል ስቶፕ ኦርደራቸው የነቃባቸው ሰዎች ግን ከታች ሸጠው ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ስቶፕ ኦርደር መቀበል አቆመ፤ ደላሎቹ ግን በራሳቸው ሥርዓት ይዘው ዛሬም ለደንበኛ ያቀርቡታል።

ስቶፕ ሊሚት የሚባል ሌላ አማራጭ አለ፤ «300 ሲነካ ሽጡ፣ ከ290 በታች ግን አትሽጡ» ማለት ይቻላል። በኦገስት 2015 ይህን ያደረገ ሰው ከታች ከመሸጥ ይድን ነበር። በሜታ ጊዜ ግን ትዕዛዙ በ244 ነቅቶ 290 የሚሰጥ ገዢ ሲጠብቅ ይቀራል፤ አክሲዮኑም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ከ100 ዶላር በታች ወርዷል። አንደኛው ትዕዛዝ መሸጡን ያረጋግጣል እንጂ ዋጋውን አያረጋግጥም፤ ሁለተኛው ዋጋውን ይጠብቃል እንጂ መሸጡን አያረጋግጥም። ሁለቱንም የሚያረጋግጠው ፑት ኦፕሽን ነው፣ በተወሰነ ዋጋ እስከ ተወሰነ ቀን የመሸጥ መብት። ይህ መብት ግን በገንዘብ ይገዛል፣ ሪፖርት ሊወጣ ሲቃረብም ይወደዳል።

ስለዚህ እኔ አስቀድሞ መሠራት አለበት የምለው የአክሲዮኑ ብዛት ስሌት ነው። ኩባንያዎች ሪፖርት የሚያወጡበትን ቀን አስቀድመው ያሳውቃሉ። ከ2,300 ዶላር በላይ ማጣት የማይችል ሰው ያን ምሽት በ323 ዶላር የተዘጋ አክሲዮን ይዞ የሚያድር ከሆነ፣ ዋጋው በአንድ ሌሊት ሩቡን ቢያጣ ብሎ ያስላ። በአንድ አክሲዮን 81 ዶላር ገደማ ነው የሚሄደው፤ 2,300ን ለዚያ ቢያካፍል ከ28 አክሲዮን በላይ ይዞ ማደር የለበትም።