አርማታው ሳይፈስ የተጻፈ ማመልከቻ

የወሰን ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳው ቆሞ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ አልቋል። ወሰኑ የታለፈው ግን ከወራት በፊት፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ጎረቤትዎ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ጀመረ እንበል። ኮለኑን አጥሩ ጥግ አቆመ፤ የኮለኑ ወርድ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ የሚሸከመው ፉቲንግ ግን በየጎኑ አንድ ሜትር ተኩል ሊሆን ይችላል። ኮለኑ መሃሉ ላይ ካረፈ ፉቲንጉ በየአቅጣጫው 60 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ስለዚህ ከላይ ሲያዩት ወሰኑን ያልነካ ቤት፣ ከታች 60 ሳንቲ ሜትር እርስዎ ግቢ ውስጥ ገብቷል። አፈር ከተመለሰበት በኋላ ማንም አያየውም። እርስዎ ራስዎ ለመሥራት የቆፈሩ ቀን ነው ዶማው አርማታ የሚመታው። መፍትሔው ለመሐንዲስ አዲስ አይደለም፦ ኮለኑ ፉቲንጉ ጠርዝ ላይ እንዲያርፍ ይደረግና ከውስጠኛው ፉቲንግ ጋር በቢም ይታሰራል። ወጪው ይጨምራል፤ በጎረቤት መሬት መቆጠብ ግን አይቻልም።

ስለዚህ ጉድጓዱ ክፍት ሳለ ይለኩ። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታዎ የግቢዎ ስፋት 10 ሜትር ነው ካለ፣ ከማዶኛው የወሰን ምልክት እስከ ጉድጓዱ አፍ በሜትር ይለኩ። 9 ሜትር ከ40 ከመጣ 60 ሳንቲ ሜትሩ የት እንደገባ ታውቋል። ሜትሩ ተዘርግቶ ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገው ፎቶ ያንሱ። በስልክ ጂፒኤስ ግን አይመኑ፤ ስልክ በሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል ለሳንቲ ሜትር ክርክር አይሆንም። ካርታው ላይ ያሉትን ኤክስና ዋይ ቁጥሮች መሬት ላይ የሚያወርደው ሰርቬየር ነው።

ቀጥሎ ማመልከቻው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ስለ ጎረቤቱ ጠባይ፣ ስለ ዘመናት ቂም ሦስት ገጽ ይጽፋል፤ የሕንፃ ሹሙ የሚፈልገው ግን ሌላ ነው። የግንባታ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት የሚመልሰው ጥያቄ፣ ይህ ሥራ ፈቃድ አለው ወይ፣ ካለውስ በጸደቀው ፕላን መሠረት እየተሠራ ነው ወይ የሚል ነው። መሬቱ የማን ነው የሚለውን እሱ አይፈርድም። ስለዚህ ማመልከቻው በእሱ ሥልጣን ልክ ይጻፍ፦

«ጉዳዩ፦ ከወሰን ያለፈ የመሠረት ሥራ እንዲቆም ስለመጠየቅ። በይዞታዬ ምሥራቃዊ ወሰን በኩል የሚካሄደው ቁፋሮ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ይዞታዬ ገብቷል። አርማታ ገና አልተሞላም። ባለሙያ ተልኮ ከጸደቀው ፕላን ጋር እንዲያመሳክር፣ እስከዚያም ሥራው በጽሑፍ እንዲታገድ እጠይቃለሁ። የካርታዬን ቅጂና ፎቶዎችን አያይዣለሁ።»

ይኸው ይበቃል። «አርማታ ገና አልተሞላም» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር አይዝለሏት፤ ጉዳዩን ከሌላው ፋይል ሁሉ አስቀድሞ እንዲታይ የሚያደርገው እሷ ናት።

በቃል ተናግረው አይመለሱ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ፣ መዝገብ ቤት ያስገቡ፣ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ያ ቅጂ ከጽሕፈት ቤቱም ውጭ ዋጋ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1178 እና 1179፣ ባለመሬቱ እየተቃወመ የተሠራን ቤትና ሳይቃወም የተሠራን ቤት ለይቶ ያያል። ተቃውሞ እያለ የሠራ ሰው ቤቱ ሊፈርስበት ይችላል፤ ተቃዋሚ ሳይኖር የሠራ ግን የቤቱ ባለቤት ነኝ ብሎ ይከራከራል። «በጊዜው ተናግሬ ነበር» የሚለው ቃል ማስረጃ ካላገኘ ዳኛ ፊት አይቆምም። ሐዘኑ እዚህ ላይ ነው፦ ጉርብትና እንዳይበላሽ ብለው ዝም ያሉ ደጋግ ሰዎች በዚህ ይጎዳሉ።

ባለሙያው መጥቶ ሥራው ከፕላኑ መውጣቱን ካረጋገጠ የማስቆሚያ ትእዛዝ ይጻፋል። አስቸጋሪው፣ ጎረቤትም የራሱን ካርታ አውጥቶ ሁለቱ ካርታዎች እዚያችው 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደራረቡ ነው። ያን ጊዜ የቁጥጥር ጽሕፈት ቤቱ እጁን ይሰበስባል፤ ጥያቄው ወደ ይዞታ ምዝገባ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። መልሱ እስኪመጣ ግንባታው እንዳይቀጥል ከፍርድ ቤቱ እግድ መጠየቅ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ዝም ቢልም ደጅ በመጥናት ዓመት አይፍጁ። በዚያው ሕግ አንቀጽ 1149 መሠረት የተነጠቀ ይዞታ እንዲመለስ የሚቀርብ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ ጊዜው የሚቆጠረው ይዞታው ከተነካበት ቀን ጀምሮ ነው።