ታች ሹራብ፣ ላይ ማራገቢያ

ዱባይ ውስጥ ያለ፣ ፓምፑ ምድር ቤት የተተከለለት ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ይታሰብ። ወሩ ሐምሌ ነው። አንደኛ ፎቅ ያሉት ሠራተኞች ሹራብ ደርበዋል፤ አሥረኛ ፎቅ ያሉት በወረቀት ያራግባሉ። ቺለሩ ግን ጤነኛ ነው፤ ውሃውን 7 ዲግሪ አድርሶ ይልካል። የተበላሸው የውሃው ክፍፍል ነው።

ለፓምፑ ቅርብ የሆነው ፎቅ ቧንቧው አጭር ስለሆነ ውሃው ሳይቸገር ይገባለታል፤ ከድርሻውም በላይ ይወስዳል። ሩቁ የተረፈውን ያገኛል። ይህን ለማወቅ ቧንቧ መክፈት አያስፈልግም። ቴክኒሻኑ የቧንቧውን ሽፋን ገለጥ አድርጎ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከብረቱ ጋር ያስራል፤ የክፍሉ አየር እንዳያሳስተውም መልሶ ይሸፍነዋል። በመግቢያውም በመውጫውም የሚለካው በአንድ ቴርሞሜትር ነው፤ ምክንያቱም ከ5 ዲግሪ ልዩነት ላይ የ1 ዲግሪ ስህተት ትልቅ ነው።

እያንዳንዱ ፎቅ በሰከንድ 2 ሊትር ውሃ እንዲያገኝ፣ ውሃውም 7 ዲግሪ ገብቶ 12 ዲግሪ እንዲወጣ ታቅዷል እንበል። አንደኛ ፎቅ 3 ሊትር ከወሰደ ውሃው ሙቀት ሳይጠግብ 10.6 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይመለሳል። አሥረኛ ፎቅ 1 ሊትር ብቻ ሲደርሰው ውሃው ረጅም ጊዜ ቆይቶ 14.5 ዲግሪ አካባቢ ይወጣል። ልዩነቱ ሲጠብ ውሃው በዝቷል፤ ሲሰፋ አንሷል።

እዚህ ላይ ብዙዎች ፓምፑን ያፈጥናሉ። የተጨመረው ውሃ አብዛኛው ግን የሚሄደው ወደዚያው ወደ ጠገቡት ፎቆች ነው። መፍትሔው የቅርቡን ማነቅ ነው። መጀመሪያ ማጣሪያዎቹ ይጸዳሉ፣ አየር ይወጣል፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ ቫልቮች በሙሉ ይከፈታሉ፣ ፋኖቹም በሙሉ ፍጥነት ይሠራሉ። ከዚያ የአንደኛ ፎቅ ባላንሲንግ ቫልቭ በትንሹ ይጠበባል፤ ሙቀቱ እስኪረጋ ተጠብቆ ፎቆቹ ሁሉ እንደገና ይለካሉ። አንዱ ሲጠብ የሌሎቹ ድርሻ ስለሚጨምር ዙሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። የሩቁ ፎቅ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ ይቆያል።

የሙቀት ልዩነት ግን ሊያታልልም ይችላል። የአየር ፊልተሩ በአቧራ ከተደፈነ ውሃው ትክክል ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ይጠባል፤ ያን አይቶ ቫልቭ መዝጋት ጥፋት ነው። ብርድ ባለበት ቀን ደግሞ ሁሉም ፎቅ የጠገበ ይመስላል። ስለዚህ ሥራው ሙቀቱ በበረታበት ሰዓት ይሠራ፤ ውጤቱም በባላንሲንግ ቫልቩ ሁለት የመለኪያ ቀዳዳዎች በኩል ይረጋገጥ። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለው የግፊት ልዩነትና የእጀታው ዙር በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ ሲታዩ የውሃው መጠን በሊትር ይታወቃል።

በመጨረሻ የየእጀታው ዙር ይመዝገብ፣ ይቆለፍም። አሥረኛ ፎቅ ድርሻውን ካገኘ በኋላ የፓምፑን ፍጥነት መቀነስ ይቻል እንደሆነ መሞከር ይገባል፤ ፍጥነቱ ወደ 80 በመቶ ቢወርድ ፓምፑ የሚፈልገው ኃይል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።