ከሪቬቱ የቀረው ነጭ ዱቄት

የቤት ቁጥራችን የተጻፈበት ሰሌዳ ባለፈው ነሐሴ አንድ ሌሊት ከግቢው በር ላይ ወደቀ። ጠዋት ሳነሳው ሰሌዳው ራሱ ምንም አልሆነም። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ አዲስ የሚመስል ስቴንለስ ስቲል ነው። የያዙት አራት የአሉሚኒየም ሪቬቶች ግን አልነበሩም ማለት ይቀላል። በቀዳዳዎቹ ዙሪያ የቀረው ጣት ሲነካው የሚበተን ነጭ ዱቄት ብቻ ነው። የገጠመልን ባለሙያ ያኔ «ስቴንለስ አይዝግም፣ አሉሚኒየምም አይዝግም፣ አይዞህ» ብሎኝ ነበር። ለየብቻቸው ከታዩ አልዋሸም።

ነገሩ የሚበላሸው ሁለቱ ሲነካኩና በመካከላቸው ውሃ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ማዕድናት ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ። ኤሌክትሪኩ በሚነካኩበት ቦታ ያልፋል፣ ውሃው ደግሞ ዑደቱን ያሟላል፤ አንደኛው እየሟሟ ሌላኛው ይጠበቃል። ባለሙያዎች ጋልቫኒክ ዝገት ይሉታል፣ በጣሊያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ ስም። ማን ተበይ፣ ማን ተጠባቂ እንደሚሆን ለማወቅ ከዕለት ዕቃችን አምስቱን በተራ ማስታወስ ይበቃል፦ ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ተራ ብረት፣ መዳብና ናስ፣ በመጨረሻ ስቴንለስ። በሰልፉ ፊት ያለው ለኋለኛው ይበላለታል፤ ርቀታቸው በሰፋ መጠንም ጉዳቱ ይፈጥናል። የቤታችን ቆርቆሮ የሚኖረው በዚሁ ሕግ ነው። ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ በተቆረጠው ጠርዝ በኩል እንኳ ቀድሞ እየተበላ ውስጡን ብረት ያቆይለታል።

ይህን ነገር የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ውድ ዋጋ ከፍሎ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1761 አላርም የተባለችውን የጦር መርከብ ከእንጨት ትል እንድትድን ብለው ከውሃ በታች ያለውን አካሏን መዳብ አለበሷት፤ መዳቡን የመቱት ግን በብረት ምስማር ነበር። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ከካሪቢያን ስትመለስ ምስማሮቹ ክፉኛ ተበልተው፣ መዳቡም በየቦታው ተላቆ ተገኘ። መርማሪዎቹን የገረማቸው ግን ጭራሽ ያልተነኩ ምስማሮች መኖራቸው ነው። መዳቡ ተጠቅልሎበት የመጣው ቡናማ ወረቀት ሳይነሳ ስለቀረ ምስማሩን ከመዳቡ ለይቶት ነበር። ዛሬ የፕላስቲክ ሮንዴላ የምንገዛው የዚያን ወረቀት ሥራ እንዲሠራልን ነው።

የአላርም ምስማርና የእኔ ሪቬት የሞቱት በአንድ ምክንያት ነው። ሁለቱም ትንንሽ ተበዮች ናቸው፣ የያዙት ደግሞ ሰፊ ተጠባቂ ነው። አራቱ የሪቬት ጭንቅላቶች ቢደመሩ ሦስት ካሬ ሳንቲ ሜትር አይሞሉም፤ ሰሌዳው ግን በአንድ ፊቱ ብቻ 1,200 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። እውነቱን ለመናገር ሰሌዳው በሙሉ አልዘመተባቸውም። የዝናብ ውሃ ኤሌክትሪክ ብዙ ስለማያስተላልፍ ጥፋቱ የሚከማቸው በሪቬቱ ዙሪያ ነው። ጨው ባለበት በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ቢሆን ግን ክበቡ ይሰፋ፣ የሰሌዳውም ዕድሜ ያጥር ነበር። አሁን ነገሩን ገልብጡት። ሰሌዳው አሉሚኒየም፣ ብሎኑ ስቴንለስ ቢሆን ጥቃቱ በሰፊ አካል ላይ ስለሚበተን እንደ አዲስ አበባ ባለ አየር ለብዙ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ብሎን ስትገዙ ከሚይዘው ነገር ይልቅ በሰልፉ ኋላ የቆመውን ምረጡ። ተራ ጥቁር ብሎን ለውጭ ሥራ አይሆንም፤ ዚንክ የተነከረው ብሎን ከአሉሚኒየም ጋር ዚንኩ እስካለ ድረስ ይስማማል።

አዲሱን ሰሌዳ ያሠራሁት ከአሉሚኒየም ነው፣ የሚቀመጠውም በብረት ቱቦላሬ ላይ ነው። ተበይና ተጠባቂ ዳግም ተገናኙ፤ ስለዚህ ብሎኑን ብቻ ማስተካከል አይበቃም። ቱቦላሬው ከተበሳ በኋላ የቀዳዳው ከንፈር ሳይቀር አንቲረስትና ቀለም ተቀባ፣ በደንብም ደረቀ። በሰሌዳው ላይ ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን 10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበሳ፤ ትርፉ ቦታ የብሎኑን አንገት ለሚያለብሰው የናይለን ቱቦ ነው። ይህን ቱቦ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሮንዴላው ቢለይም ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ አሉሚኒየሙን ከነካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ቱቦው ከሰሌዳውና ከፕላስቲኮቹ ድምር ውፍረት ትንሽ ማጠር አለበት፤ ከረዘመ ሰሌዳው ሳይጠብቅ ይላወሳል።

ከውጭ ወደ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ የብሎኑ ጭንቅላት፣ የስቴንለስ ሮንዴላ፣ የፕላስቲክ ሮንዴላ፣ ሰሌዳው፣ ሌላ ፕላስቲክ፣ ቱቦላሬው፣ ከኋላ ሮንዴላና ዳዶ። የብረቱ ሮንዴላ ከፕላስቲኩ በላይ የሚሆነው ስናጠብቅ ፕላስቲኩን እንዳይቀደው ነው። በፕላስቲክ ፈንታ ካርቶን ወይም ቆዳ አታስገቡ፤ ውሃ ጠጥተው ይይዛሉ፣ ባትሪው ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

በቀለም ላይ ሰዎች በተለምዶ የሚሳሳቱት ተበዩን ብቻ በመቀባት ነው። አሉሚኒየሙ ተቀብቶ ስቴንለሱ ባዶ ቢቀር፣ በቀለሙ ላይ አንዲት ጭረት ስትገኝ ጥቃቱ ሁሉ በዚያች ነጥብ ይወርድና አሉሚኒየሙን ይበሳዋል። ሁለቱንም መቀባት ነው፤ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ቀለም ካለ ተጠባቂውን ይቀቡት። ለእኔ ሰሌዳ ብሎኑ ከተጠበቀ በኋላ ጭንቅላቱን ቀለም ነካ ማድረግ ማለት ነው።

ሥራው መሳካቱን የምታውቁት በመልቲሜትር ነው። ሁሉም ነገር በደረቀበት ሰዓት አንዱን ጫፍ ብሎኑ ላይ፣ ሌላውን ቀለም በሌለው የአሉሚኒየም ቦታ ላይ አድርጉና በድምፅ መለኪያው ሞክሩ። ከጮኸ ቱቦው ተንሸራቷል፣ ፈትታችሁ አስተካክሉ። ቀለም መቀባቱን ከዚህ ምርመራ በኋላ ብታደርጉት ይቀላል፤ እኔ ቸኩዬ ቀድሜ ቀባሁና መፋቅ ግድ ሆነብኝ።

ሁሉን ለይቶ ማስቀመጥ የማይፈቀድበት ቦታም አለ። የሶላር ፓነል የአሉሚኒየም ፍሬም ለደህንነት ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት፤ የመሬቱ ሽቦ ደግሞ መዳብ ነው። እዚያ ባዶ መዳብ አሉሚኒየሙን እንዳይነካ በቆርቆሮ ማዕድን የተለበጠ የሽቦ ጫፍና የስቴንለስ ሮንዴላ በመካከል ይገባሉ። ጣራ ላይ ደግሞ መነካካት እንኳ አያስፈልግም። ከመዳብ ቧንቧ ወይም ሽቦ እየተንጠባጠበ የሚወርድ ውሃ መዳቡን ሟሙቶ ይዞ ስለሚመጣ ከሥሩ ያለውን ቆርቆሮ በጠብታው መስመር ይበላዋል። የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ያላችሁ ሰዎች ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጊዜ መሰላል ላይ ወጥታችሁ ከቧንቧው በታች ያለውን ጣራ እዩት።