የሰንሰለት ሕግ መልስ በሌላ መንገድ ሲፈተሽ

ተማሪዎች በተለምዶ ቼይን ሩል የሚሉት የሰንሰለት ሕግ፣ አንድ መጠን በሁለተኛ፣ ሁለተኛውም በሦስተኛ መጠን ላይ ሲመሠረት፣ የመጀመሪያው ከሦስተኛው አንጻር ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚነግር የካልኩለስ ሕግ ነው። ይዘቱ አጭር ነው፦ የየእርከኑ የለውጥ መጠን ይባዛል። ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ደግሞ 1600 ሜትር ገደማ ላይ። በሁለቱ መካከል 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ስለዚህ መንገዱ በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር 16.67 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አየር ደግሞ በአማካይ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል፤ ይህም በአንድ ሜትር 0.0065 ዲግሪ ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሚኒባስ በደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በሚኒባሱ ውስጥ ያለ ቴርሞሜትር የውጭውን ሙቀት ቢለካ፣ ንባቡ በየደቂቃው በሚከተለው መጠን ይጨምራል፦

(−0.0065) × (−16.67) × 1 ≈ 0.108

ሙቀት በከፍታ፣ ከፍታ በርቀት፣ ርቀት በጊዜ ላይ ስለተመሠረቱ ሦስት ቁጥሮች ተባዙ። ይህንኑ መልስ ሰንሰለቱን ሳይነኩ ማግኘትም ይቻላል። ጠቅላላው የከፍታ ልዩነት 500 ሜትር ስለሆነ የሙቀቱ ልዩነት 3.25 ዲግሪ ይሆናል፤ ጉዞው 30 ደቂቃ ይፈጃል፤ 3.25 ለ30 ሲካፈል 0.108 ይመጣል። ሁለቱ መንገዶች አንድ ቦታ ደረሱ። እርግጥ ይህ የአማካይ ስሌት ነው። መንገዱ አንዳንድ ቦታ ቁልቁል፣ አንዳንድ ቦታ ሜዳ፣ አንዳንድ ቦታም ዳገት ስለሆነ በአንዲት ቅጽበት ያለውን ለውጥ ለማወቅ አማካዩ አይበቃም። ደሪቬቲቭ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በአገራችን ካልኩለስ በ12ኛ ክፍል ይጀመርና እንደ ወልድያ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይሰፋል። በመለማመጃ ወረቀት ላይ የሰንሰለት ሕግ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ረድፍ ተደርድረው ይቀርባሉ፤ ተማሪው እየሠራ ይሄድና መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር ያመሳክራል። ከዚህ የተሻለው ዘዴ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ባዶ ቦታ ትቶ፣ ያንኑ ደሪቬቲቭ የሰንሰለት ሕግን በማይጠቀም ሌላ መንገድ ዳግም ማውጣት ነው። የመጽሐፉ ጀርባ መልሱ ስህተት መሆኑን ብቻ ይነግራል፤ ሁለተኛው መንገድ ግን ስህተቱ የቱ ጋ እንደገባ ያሳያል።

በቀላሉ ለመጀመር y = (3x + 2)² ይወሰድ። ውጨኛው ፈንክሽን ካሬ ማድረግ ነው፤ ውስጠኛው 3x + 2 ነው። የውጨኛው ደሪቬቲቭ 2(3x + 2) ሲሆን የውስጠኛው 3 ነው፤ ብዜታቸው 18x + 12 ይሆናል። በሌላው መንገድ መጀመሪያ ቅንፉ ይፈታል፦ y = 9x² + 12x + 4። እያንዳንዱ ቁራጭ በአርቢ ሕግ ብቻ ሲሠራ እንደገና 18x + 12 ይመጣል። በጣም የተለመደው ስህተት የውስጠኛውን ደሪቬቲቭ ማባዛት መርሳት ነው። ያን ያደረገ ተማሪ 6x + 4 ላይ ይቆማል። ትክክለኛው መልስ የዚህ ሦስት እጥፍ ስለሆነ የጠፋው 3 መሆኑ ወዲያውኑ ይታያል።

ጥያቄው y = (x² + 1)³ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይጠነክራል። በሰንሰለት ሕግ 3(x² + 1)² በ2x ሲባዛ 6x(x² + 1)² ይሆናል። ቅንፉን በመፍታት ደግሞ y = x⁶ + 3x⁴ + 3x² + 1 ይሆንና ደሪቬቲቩ 6x⁵ + 12x³ + 6x ይወጣል። ሁለቱ መልሶች ሲታዩ አይመሳሰሉም። ብዙ ተማሪ እዚህ ደርሶ ትክክለኛ መልሱን ይሰርዛል። የመጀመሪያውን ቅንፍ ፈትቶ ማባዛት ጉዳዩን ይዘጋዋል። ፈጣኑ መንገድ ግን ለ x አንድ ቁጥር መተካት ነው፤ x = 2 ሲሆን የመጀመሪያው 12 × 25 = 300፣ ሁለተኛውም 192 + 96 + 12 = 300 ይሰጣል።

የሚተካው ቁጥር ግን በዘፈቀደ አይመረጥም። 2x ማባዛቱን የረሳ ተማሪ መልሱ 3(x² + 1)² ነው። በ x = 2 ላይ ይህ 75 ስለሚሆን ስህተቱ ይጋለጣል። በ x = ½ ላይ ግን ትክክለኛውም የተሳሳተውም 4.6875 ይሆናሉ፤ ፍተሻው ስህተቱን ያሳልፈዋል። ምክንያቱ በሰንሰለቱ ውስጥ ነው፦ በ x = ½ የውስጠኛው ፈንክሽን ደሪቬቲቭ 2x በትክክል 1 ይሆናል፤ በ1 ማባዛትን መርሳት ደግሞ ምንም አይለውጥም። ስለዚህ ለፍተሻ የሚመረጠው ቁጥር የውስጠኛውን ደሪቬቲቭ ከ1 የተለየ፣ የውጨኛውንም ከዜሮ የተለየ የሚያደርግ መሆን አለበት። ዜሮ ራሱ ለመተካት ቀላል በመሆኑ ይመረጣል፤ ነገር ግን ብዙ ቁራጮችን ስለሚያጠፋ ደካማ ፈታኝ ነው።

ስኩዌር ሩት ሲመጣ ቅንፍ መፍታት አይሠራም። y = √(x² + 9) በሰንሰለት ሕግ ሲሠራ ደሪቬቲቩ x/√(x² + 9) ነው። ተማሪዎች እንደ ሁለተኛ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚወስዱት ሁለቱንም ወገን ካሬ አድርጎ y² = x² + 9 ከሚለው መነሣት ነው፤ ከዚያ 2y · y′ = 2x፣ ስለዚህም y′ = x/y። መልሱ ትክክል ነው፤ ፍተሻው ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አይደለም። የ y² ደሪቬቲቭ 2y · y′ የሆነው በራሱ በሰንሰለት ሕግ ነውና። ሕጉን በትክክል ያልያዘ ሰው በሁለቱም መንገድ ሊሳሳት ይችላል።

ነጻ የሚባለው መንገድ ከደሪቬቲቭ ትርጓሜ መነሣት ነው። x በጥቂቱ፣ በ h ያህል ሲጨምር የ y ጭማሪ ለ h ይካፈላል፦

[√((x + h)² + 9) − √(x² + 9)] / h

ላዕሉም ታህቱም በሁለቱ ስኩዌር ሩቶች ድምር ሲባዙ ላዕሉ ላይ የካሬዎች ልዩነት፣ ማለትም 2xh + h² ብቻ ይቀራል። h ሲጣፋ ክፍልፋዩ እንዲህ ይሆናል፦

(2x + h) / [√((x + h)² + 9) + √(x² + 9)]

አሁን h ወደ ዜሮ ሲጠጋ ታህቱ 2√(x² + 9)፣ ላዕሉ 2x ይሆናሉ፤ ሲቃለል ያው x/√(x² + 9) ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የሰንሰለት ሕግ አንድም ቦታ አልገባም። ላዕሉ ላይ የቀረው 2x ግን የውስጠኛው ፈንክሽን ደሪቬቲቭ ነው፤ ከየት እንደመጣ በዓይን ይታያል። በቁጥርም መፈተሽ ይቻላል፦ x = 4 ሲሆን y = 5፣ ደሪቬቲቩ 0.8 ነው። x = 4.01 ሲሆን y ወደ 5.008004 ይጠጋል፤ ጭማሪው ለ0.01 ሲካፈል 0.8004 ይሆናል።

የዚህ ዓይነቱ ፈንክሽን በሕጉ ታሪክም ውስጥ ስፍራ አለው። ጀርመናዊው ሌይብኒዝ እ.ኤ.አ. በ1676 በጻፈው ማስታወሻ የሰንሰለት ሕግን የተጠቀመው √(a + bz + cz²) ላይ ነበር፤ በሥራው ውስጥም የምልክት ስህተት ገብቷል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ስህተት እንዲህ ባለ ሁለተኛ መንገድ በቀላሉ የሚያዝ ነው።

ሎጋሪዝም ላይ ሁለተኛው መንገድ ሌላ ነገር ያስተምራል። y = ln(5x) በሰንሰለት ሕግ 1/(5x) × 5፣ ማለትም 1/x ነው። በሎጋሪዝም ጠባይ ደግሞ y = ln 5 + ln x ነው፤ ln 5 የማይለወጥ ቁጥር ስለሆነ ደሪቬቲቩ ዜሮ ይሆንና 1/x ብቻ ይቀራል። 5 ለምን እንደጠፋ ሰንሰለቱ በማጣፋት ያሳያል፤ ሁለተኛው መንገድ ግን ምክንያቱን ይሰጣል፦ 5 የግራፉን ከፍታ እንጂ ተዳፋቱን አይነካም። ይሁንና ሁለተኛው መንገድ ሁልጊዜ ያንኑ ክልል አይሸፍንም። ln(x²) በሰንሰለት ሕግ 2/x ይሰጣል፤ ይህም x ከዜሮ በታች ሲሆንም ይሠራል። 2 ln x ብሎ የሚነሣ ሰው ግን x ከዜሮ በላይ ሲሆን ብቻ ነው ያረጋገጠው። ለቀሪው ወገን 2 ln|x| መጻፍ አለበት።

በመጨረሻ y = sin²x ይታይ። በሰንሰለት ሕግ 2 sin x cos x ነው። sin x · sin x ብሎ በብዜት ሕግ ሲሠራም cos x sin x + sin x cos x ይሆናል፤ ድምሩ ያው ነው። ይህ ፍተሻ ነጻ ነው፤ የብዜት ሕግ ስለ ውስጠኛና ውጨኛ አያውቅምና። sin²x = (1 − cos 2x)/2 ከሚለው የሚነሣ ግን cos 2x ላይ እንደገና ሰንሰለቱን ይጠቀማል፤ መልሱ sin 2x ሲሆን ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው።

በካልኩሌተር የሚፈትን ተማሪ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ይገጥመዋል። ካልኩሌተሩ በራዲያን ላይ ከሆነ፣ ከ x = 1 እስከ 1.01 ያለው ጭማሪ ለ0.01 ሲካፈል 0.905 ያህል ይመጣል፤ ይህም ለ sin 2 ≈ 0.909 ቅርብ ነው። በዲግሪ ላይ ከሆነ ግን 0.0006 ገደማ ይመጣል፤ ቀመሩ ደግሞ በዚያው ካልኩሌተር 0.035 ያህል ይላል። የሰንሰለት ሕጉ ተሳስቶ አይደለም፤ አንድ ቀለበት ተረስቶ ነው። በዲግሪ ሲጻፍ ሳይኑ የሚወስደው x ሳይሆን πx/180 ነው፤ የዚህ ውስጠኛ ፈንክሽን ደሪቬቲቭ π/180፣ ማለትም 0.01745 ያህል ነው። 0.035 በዚህ ሲባዛ 0.0006 ይሰጣል።